«እማዬ» «እናትዎ» ስትሆን

ባለፈው ሐምሌ አንድ ማታ የእራት ሳህን እያጠብኩ ስልኬ በላይ በላዩ መጮኽ ጀመረ። የቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ስሙ «የእማዬ ልጆች» ይባላል። አራት ነን። ታላቃችን ጋሼ አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ከእናታችን ቤት ሁለት በር አለፍ ብሎ ይኖራል። ከእሱ ቀጥላ ያለችው እህታችን፣ ቤት ውስጥ እታለም የምንላት፣ ቨርጂኒያ ናት፤ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትሠራለች። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ፣ አዳማ። የመጨረሻዋ ሚጢ ዱባይ። እማዬ ግሩፑ ውስጥ የለችም። ስለ እሷ የማናወራበት ቀን ግን የለም።

እጄን አድርቄ ስልኩን ሳነሳ አሥራ አንድ መልእክት ገብቷል። ያን ማታ ያየሁትንና ያጠፋሁትን ልንገራችሁ። ብዙዎቻችሁ እንዲህ ያለ ግሩፕ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ አንድ ቀንም «አሁን አንድ ነገር ብል ይበርድ ይሆን ወይስ ይብስ ይሆን?» ብላችሁ ጣታችሁ ስልኩ ላይ ተንጠልጥሎ እንደቀረ እገምታለሁ።

መጀመሪያ ግን ለምን እንደፈራሁ ልንገራችሁ። አባዬና ታናሽ ወንድሙ በአንድ የአጥር ድንበር ተጣልተው ዘጠኝ ዓመት ሳይነጋገሩ ኖረዋል። የታረቁት አጎቴ አባዬን ሊቀብር ሲመጣ ነው፤ ያም እርቅ ከተባለ። ደግሞም ጋሼ የእማዬ እግርና እጅ ነው። የደም ግፊት መድኃኒቷን የሚያመጣው፣ ሐኪም ቤት ተራ የሚይዝላት እሱ ነው። እሱ ቢያኮርፍ ግሩፑ ውስጥ ቃል የሚወራወሩት ሰዎች አይጎዱም። የምትጎዳው ግሩፑ ውስጥ የሌለችው ናት።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ42

ነገሩ የተነሳው ከአባዬ ሙት ዓመት ገንዘብ ነው። ለመታሰቢያው ድግስ ሁላችንም አዋጥተን 120 ሺህ ብር ጋሼ እጅ ነበር። እታለም 3 ሰዓት ከ42 ላይ እንዲህ ጻፈች።

«ጋሼ የሙት ዓመቱ ብር ስንት ቀረ? ሂሳቡን ብትልክልኝ።»

ከሁለት ደቂቃ በኋላ ጋሼ አንድ ቃል መለሰ። «ሂሳብ?»

«አዎ ሂሳብ። ምን ችግር አለው?»

«እኔ የአንቺ ተቀጣሪ አይደለሁም።»

እዚህ ላይ ሚጢ ገባች። «እታለም ልክ ናት እኮ፣ እኔም ልጠይቅ ነበር።» ማለሳለሷ ነበር፤ በኋላ እንደነገረችኝ «ጥያቄው የሁላችንም ነው፣ አንተን ብቻ ለይታ አይደለም» ለማለት ፈልጋ ነው። ጋሼ ያነበበው ግን ሌላ ነው። አንድ ለአንድ የነበረው ሁለት ለአንድ ሆነበት።

3 ሰዓት ከ51 ላይ ጋሼ የሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ቮይስ ላከ። እታለም 3 ሰዓት ከ52 ላይ መለሰች። «ሁሌም እንዲህ ነህ። የአባዬ መኪና ሲሸጥም እንዲሁ ነበር።»

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የዚያ ማታ ትልቁ ምልክት ያለው እዚህ ጋ ነው። ከሦስት ደቂቃ በላይ የሚፈጅ ድምፅ በአንድ ደቂቃ ውስጥ መልስ ካገኘ፣ መላሹ አልሰማውም ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የሚጻፈው ሁሉ ሌላው ለተናገረው መልስ አይሆንም፤ ሌላው ተናግሮታል ተብሎ ለሚታሰበው ነው። ጠብ እየከረረ መሆኑን ለማወቅ ብዙ ሰው የቃለ አጋኖ ብዛት ወይም የመልእክቱን ርዝመት ያያል። እኔ አሁን የማየው ሰዓቱን ነው። በመልእክቶቹ መካከል ያለው ጊዜ ለማንበብና ለመስማት ከሚበቃው ካነሰ፣ ሰዎቹ ከእንግዲህ እየተነጋገሩ አይደለም።

ሁለተኛው ምልክት የነገሩ መንገድ ነው። መጀመሪያ ወሬው ስለ ብር ነበር። «ተቀጣሪሽ አይደለሁም» ሲባል ስለ ሰው ሆነ። «ሁሌም እንዲህ ነህ» ሲባል ስለ ሰውየው ጠባይ ሆነ። መኪናው ሲነሳ ደግሞ ስለ ድሮ ሆነ። ነገር ነገርን ያነሳዋል የሚባለው ይኸው ነው። ከብር ወደ ሰው፣ ከሰው ወደ ጠባይ፣ ከጠባይ ወደ ድሮ በወረደ ቁጥር መመለሻው ይርቃል፤ ብር ተቆጥሮ ያልቃል፣ ድሮ ግን ተቆጥሮ አያልቅም።

የእኔ ጥፋት

እኔ ይህን ሁሉ ያን ጊዜ አላሰብኩትም። እጄ እርጥብ እንደሆነ 3 ሰዓት ከ53 ላይ ይህን ጻፍኩ። «እባካችሁ ተረጋጉ! ቤተሰብ አይደለን? እማዬ ብትሰማ ምን ትላለች?»

ጋሼ፦ «አንቺ ደግሞ ዳኛ ሆነሽ መጣሽ?»

እታለም፦ «እኔ ምን አጠፋሁ? መጠየቅ ነው ወንጀሉ?»

ሁለቱ ያን ማታ የተስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በእኔ መናደድ። እውነታቸውን ነው። «ተረጋጉ» የሚለው ቃል ሁለቱንም እኩል ከሰሰ። ጋሼ «ተረጋጋ» ሲባል የሰማው «የላክኸውን ቮይስ ማንም አልሰማልህም» የሚል ነው። እታለም የሰማችው «ጥያቄሽ ነውር ነው» የሚል ነው። እማዬን ማንሳቴ ደግሞ ከሁሉ ባሰ። እኔ ለማባበል ያነሳኋት እናት ለእነሱ ማስፈራሪያ ሆነች።

ጽሑፍ ድምፅ የለውም። ጀስቲን ክሩገርና ኒኮላስ ኤፕሊ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ሰዎች በኢሜይል ቀልድ አዘል ሽሙጥና ቁም ነገር እየቀላቀሉ እንዲጻጻፉ አደረጉ። ላኪዎቹ ከመቶው 78 ያህሉን አንባቢው በትክክል ይረዳልኛል ብለው ገምተው ነበር፤ አንባቢዎቹ የለዩት ግን ከግማሽ ብዙም ያልበለጠውን ነው። ጸሐፊው የራሱን ድምፅ በጆሮው እየሰማ ስለሚጽፍ ግልጽ ይመስለዋል። የእታለም «ሂሳቡን ብትልክልኝ» በእሷ ጆሮ የእህት ልመና ነበር። ቀኑን ሙሉ እማዬን ይዞ ሐኪም ቤት ሲሰለፍ ውሎ ለገባው ለጋሼ የኦዲተር ደብዳቤ ሆነበት።

3 ሰዓት ከ58 ላይ ጋሼ ይህን ጻፈ። «ወይዘሮ፣ ከዛሬ ጀምሮ እናትዎን ራስዎ መጥተው ያሳክሙ።»

ይህን ሳነብ ተቀመጥኩ። ጋሼ ቃለ አጋኖ አላደረገም፤ የስድብ ቃልም የለበትም። ላዩን ላየው የማያውቅ ሰው «አሁን ጨዋ ሆነ» ሊል ይችላል። ግን ታላቅ ወንድም ታናሽ እህቱን «አንቺ» ማለት ትቶ «እርስዎ» ሲላት፣ «እታለም» ማለት ትቶ «ወይዘሮ» ሲላት፣ ከሁሉም በላይ «እማዬ» የነበረችው «እናትዎ» ስትሆን፣ ይህ በር የመዝጋት ድምፅ ነው። በእኛ ቋንቋ ቁጣ ሁልጊዜ አይጮኽም፤ አንዳንዴ ኮት ለብሶ ይመጣል። እኔ ከዚያ ማታ ወዲህ የግሩፑን ሙቀት የምለካው በመጠሪያው ነው። «አንዳንድ ሰዎች» የሚል ሲመጣ፣ ወንድም በሙሉ ስሙ ሲጠራ፣ «የኛ ቤት» የነበረው «የእናንተ ቤት» ሲሆን፣ ነገሩ አንድ ደረጃ ወጥቷል።

የሃያ ደቂቃው ዝምታ

ከዚያ በኋላ ግሩፑ ጸጥ አለ። የእታለም ስም ሥር «እየጻፈች ነው» የሚለው ምልክት ብቅ ይላል፣ ይጠፋል። ጣቴ እንደገና ወደ ስልኩ ሄደ። አሁን ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ቮይሱን እኔም አልሰማሁትም።

ጓዳ ገብቼ ሰማሁት። ለሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ጋሼ ስለ ጣሪያው ይናገራል። የእማዬ መኝታ ቤት ቆርቆሮ ዝጎ ዝናቡ አልጋዋ ላይ ይንጠባጠብ ነበር፤ ሁለት ሌሊት ሳሎን ወንበር ላይ አድራለች፤ እንዳንጨነቅ ብላ እንዳትነግሩብኝ ብላዋለች። እሱም ከሙት ዓመቱ ብር አንስቶ ጣሪያውን አሠራ። ድምፁ ይሰበራል። ከዚያ ልክ ሊጨርስ ሲል፣ ዝቅ ብሎ፣ «ሂሳቡም እኮ ደብተሬ ላይ አለ። ነገ ጠዋት ፎቶ አንስቼ እልካለሁ» ይላል።

የእታለም ጥያቄ መልስ እዚያው ነበር። ማንም አልሰማውም።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆን ጎትማን ባለትዳሮች ሲጨቃጨቁ ለብዙ ዓመታት ተመልክቷል። ጸንተው የሚኖሩትን ከሚፈርሱት የሚለየው ጠብ አለመኖሩ እንዳልሆነ ይናገራል፤ በጠቡ መሐል አንዱ የሚዘረጋትን ትንሽ የመጠገኛ እጅ ሌላው ማየቱና መቀበሉ ነው። ያቺ እጅ ብዙ ጊዜ ይቅርታ አትመስልም። ቀልድ ልትሆን ትችላለች፣ ወይም እንደ ጋሼ «ነገ እልካለሁ» የምትል ጭራ። የሚያረጋጋ መልእክት ቦታው እዚህ ነው። ከራስ አውጥቶ አዲስ ሰላም መስበክ አይደለም፤ ከሁለቱ አንዱ ቀድሞ የዘረጋውንና በጫጫታ የተሸፈነውን እጅ አንስቶ ማሳየት ነው።

ጎትማን ሌላም ይላል። የልብ ምት በደቂቃ ከ100 በላይ ሲሆን ሰው መስማት ያቅተዋል፤ ሰውነት እስኪበርድ ቢያንስ 20 ደቂቃ ይፈልጋል። ስለዚህ ወዲያው ግሩፑ ላይ አልጻፍኩም። መጀመሪያ ለእታለም ለብቻዋ ላክሁላት። «ቮይሱን ሰምተሽዋል?» ምንም አላልኩም፣ ይህን ብቻ።

ከሦስት ደቂቃ በኋላ መለሰች። «አይ። ሥራ ላይ ነኝ፣ ሰው ፊት መክፈት አልችልም። ምን ይላል?»

ሰዓቱን አሰብኩት። እኛ ጋ ሲመሽ ቨርጂኒያ ገና ከቀኑ 9 ሰዓት አካባቢ ነው። እሷ በእረፍቷ አሥር ደቂቃ፣ ኮሪደር ላይ ቆማ ነው የምትጨቃጨቀው። ጋሼ ደግሞ የልቡን ሁሉ ያፈሰሰው እሷ ልትከፍተው በማትችለው ነገር ነው። ጣሪያውን ነገርኳትና «ሥራ ላይ ስለሆነች አልሰማችውም ብዬ ልንገረው?» አልኳት። «ንገሪው» አለች። ለጋሼም ለብቻው ይህንኑ ላክሁ። ሁለቱ የራይት ምልክት መጣ፤ አነበበው፣ አልመለሰም። ታላቅ ወንድም በግልጽ እንዲመልስ አልጠበቅሁም። እንዲያውቅ ብቻ ነው የፈለግሁት።

ከዚያ በ4 ሰዓት ከ25 ግሩፑ ላይ ይህን ጻፍኩ።

«ጋሼ በቮይሱ መጨረሻ ሂሳቡ ደብተሩ ላይ እንዳለና ነገ ጠዋት ፎቶ አንስቶ እንደሚልክ ተናግሯል። እታለም ሥራ ላይ ስለሆነች እስካሁን አልሰማችውም፣ ስትወጣ ትሰማዋለች። የእማዬ መኝታ ቤት ጣሪያ ተሠርቷል። የቀረውን ነገ ሂሳቡ ሲመጣ እንነጋገር። ደህና እደሩ።»

ከመጀመሪያው መልእክቴ ጋር አስተያዩት። «ተረጋጉ» የለበትም። ማን ልክ እንደሆነ አይፈርድም፤ ይቅርታ ተጠያየቁም አይልም። ሁለቱም የማያውቁትን አንድ አንድ ነገር ይነግራል፤ እሷ ሂሳቡ እንደሚመጣ፣ እሱ እንዳልተናቀ። ጋሼ ራሱ ቃል የገባበት ስለሆነ መፈጸሙ ሽንፈት አይሆንበትም። ቀጠሮም አለው፤ «ነገ ሂሳቡ ሲመጣ»። እማዬንም ወደ ስሟ መለስኳት። ያቺን ቃል ሆን ብዬ ነው ያስገባኋት።

ማንም አልመለሰም። ሌሊቱን ሁለት ጊዜ ተነስቼ ስልኬን አየሁ።

ጠዋት 1 ሰዓት ከ10 ላይ የደብተር ገጽ ፎቶ መጣ። የጋሼ የተጋደመ የእጅ ጽሑፍ ነው። ቆርቆሮ 18፣ አንዱ 1,200፤ ድምር 21,600። እንጨትና ሚስማር 5,400። የአናጢ 7,000። ጠቅላላ 34,000። ቀሪ 86,000 ብር። ከሥሩ ምንም አልጻፈም። እታለም ከሥራ ወጥታ ቮይሱን ሰምታ ነበር። «አመሰግናለሁ ጋሼ። ጣሪያውን አላወቅሁም ነበር» አለች። እሱም «እሺ» አለ። «እሺ እታለም» አላለም። «እሺ» ብቻ።

መልእክት የማይደርስበት

ታሪኩ እዚህ ያምርና ያልቃል ብል እዋሻችኋለሁ። ጣሪያው ተፈታ፣ መኪናው ግን አልተፈታም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ በስልክ የተጻፈ ደግሞ ተመልሶ ይነበባል። አባዬ ሳይሞት መኪናው በስንት እንደተሸጠ የሚለው ለዓመታት ታፍኖ የቆየ ጥያቄ ነው፤ እንዲህ ያለውን ግሩፕ ላይ ልጠግነው ብዬ አልሞከርኩም። የሚቀጥለው እሑድ እታለም ጋሼን ደውላ ከአንድ ሰዓት በላይ አወሩ። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅሁም። የማውቀው ከዚያ ወዲህ ጋሼ ስለ መኪናው «እነግርሻለሁ ብያታለሁ» ማለቱን ነው።

ሌላም አለ፤ ይህ ስለ እኔ ነው። ከቀናት በኋላ ሚጢ ደውላ «አንቺ ስታረጋጊ ሁሌ የምታስቆሚው የሚጠይቀውን ሰው ነው» አለችኝ። መጀመሪያ ተከፋሁ። ከዚያ የድሮዎቹን መልእክቶች ወደ ላይ እየጎተትኩ አነበብኩ። ልክ ናት። እታለም ስትጠይቅ «ተይው»፣ ሚጢ ስትጠይቅ «አሁን ጊዜው አይደለም» ብያለሁ። ጋሼ እንዳይከፋው ስል እነሱ ያላቸውን መብት አፍኛለሁ። ያዋጣ ሰው ሂሳብ መጠየቁ ጠብ አይደለም። ያን ማታ ጥያቄውን ገድዬ ሰላም ባወርድ ኖሮ፣ ሰላሙ እስከ ቀጣዩ መዋጮ ብቻ ይቆይ ነበር። ስለዚህ አሁን ከመጻፌ በፊት ራሴን የምጠይቀው ይህንን ነው፤ መልእክቴ ከተነበበ በኋላ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ያገኛል ወይስ ይቀበራል? የሚቀበር ከሆነ አልልከውም።

ሚጢ ሁለት ልማድ አስገባችልን። ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጋሼ የደብተሩን ገጽ ማንም ሳይጠይቀው ይለጥፋል። ቮይስ የሚልክ ሰው ደግሞ ከሥሩ ስለ ምን እንደሆነ አንድ መስመር ይጽፋል፤ ሥራ ላይ ያለው እንዲያውቅ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስለ ሙት ዓመቱ ቀን ተጨቃጨቁ። እታለም ፈቃድ የምታገኘው በሌላ ሳምንት ነው፤ ጋሼ ድንኳኑን ይዟል፣ ጌሾው ተገዝቷል። አርባ ምናምን መልእክት፣ ቃለ አጋኖው እንደ ጉድ፣ ሚጢም መሐል ገብታ ትጮኻለች። ጣቴ ወደ ስልኩ ሄደ። ከዚያ ቀስ ብዬ ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። «ጋሼ ሙት እንዲህማ አይሆንም!» ትላለች እታለም። «እታለምዬ ድንኳኑን የት ልክተተው?» ይላል እሱ። የተጠየቀው ይመለሳል፣ የተመለሰው ይነበባል። እማዬም እማዬ ናት።

ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩና ሽሮዬን አማሰልኩ።